አምስት የማይነበቡ ደረሰኞች፦ ለአቅራቢው የጻፍኩት ማስታወሻ ሦስት ጊዜ ተቀየረ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2017

የመስከረምን ግዢ መመዝገብ ጀመርኩ። ሒሳቡን የምይዝለት ድርጅት አነስተኛ የቤትና የቢሮ ዕቃ ማምረቻ ነው። ኤምዲኤፍ፣ ቺፑድ፣ ማጠፊያ፣ የመሳቢያ ሐዲድ፣ ሙጫ ይገዛል። አብዛኛው የሚመጣው መርካቶ ካለ አንድ አቅራቢ ነው። በመስከረም ብቻ ከእሱ 11 ግዢ አለ። ከ11ዱ አምስቱ ላይ ብሩን ማንበብ አልቻልኩም።

እያንዳንዱ ግዢ ሁለት ወረቀት አለው። አንዱ ከሽያጭ ማሽኑ የወጣው ጠባብ የፊስካል ደረሰኝ ነው። ሌላው በእጅ የተጻፈው አታችመንት ነው፤ የዕቃው ዝርዝር የሚገኘው እዚያ ላይ ነው። አንዱ ባይነበብ ሌላው ያድናል። አምስቱ ላይ ግን አንዱ ሌላውን አላዳነውም።

ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ምክንያቱን አንድ በአንድ አየሁ። የማሽኑ ደረሰኝ የሚታተመው በቀለም አይደለም። ወረቀቱ ራሱ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ተርማል ወረቀት ነው። የድርጅቱን ዕቃ የሚገዛው ሠራተኛ፣ ገዢያችን፣ ደረሰኞቹን ለስላሳ የፕላስቲክ ኪስ ውስጥ ከትቶ መኪናው ውስጥ ያስቀምጣል። ከፕላስቲኩ የሚወጣው ማለስለሻ ኬሚካል ጽሑፉን ያደበዝዛል፤ ፀሐይም ታግዘዋለች። አንዱ ላይ ደግሞ ድምሩ በሃይላይተር ተቀብቷል። የተቀባው መስመር ብቻ ነጥቶ ከላይና ከታች ያለው ይነበባል።

አታችመንቶቹ ላይ ያለው ችግር ሌላ ነው። «ተከፍሏል» የሚለው ሐምራዊ ማኅተም ልክ ከታች፣ ቫቱና ጠቅላላ ድምሩ ላይ አርፏል። ሁለቱ ደግሞ ጽሑፉ ከላይኛው ወረቀት ተጭኖ ያለፈባቸው ፈዛዛ ቢጫ ቅጂዎች ናቸው።

የመስከረም ቫት ማሳወቂያ የሚቀርበው እስከ ጥቅምት 30 ነው። ጊዜ አለ፤ ግን ብዙ አይደለም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

አቅራቢውን ከማስቸገሬ በፊት እኔው ማውጣት የምችለውን ለየሁ። ቁጥሮቹን በመጨረሻ አራት አሃዛቸው እጠራቸዋለሁ።

0418፦ ከቫት በፊት ያለውና የቫቱ መስመር ጠፍተዋል፤ ጠቅላላው 48,300.00 ብር ግን ይነበባል። ሁሉም ዕቃ ቫት የሚከፈልበት ስለሆነ ወደ ኋላ ማስላት ይቻላል። ኤክሴል ላይ ጠቅላላውን B2 ላይ አድርጌ፦

```
=B2/1.15
=B2*15/115
```

42,000 እና 6,300 ወጣ። ምንም የሳንቲም ቁርጥራጭ የለውም። ከቫት ነፃ የሆነ ዕቃ ቢቀላቀልበት ኖሮ ይህ ስሌት አይሠራም ነበር።

0427፦ የፊስካል ደረሰኙ ነጥቷል። አታችመንቱ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ ዋና ቅጂ ነው፤ ድምሩ ግን ማኅተም ስር ነው። በቀለም ስካን አደረግኩትና የቀዩን ቻናል ብቻ ለየሁ። ሐምራዊ ቀለም ቀይ ብርሃን ስለሚመልስ እዚያ ቻናል ላይ ይሳሳል። ሰማያዊ እስክሪብቶ ደግሞ ቀዩን ስለሚውጥ ጠቁሮ ይቀራል። ጊምፕ በሚባለው የምስል ማስተካከያ ፕሮግራም Colors > Components > Extract Component ገብቶ RGB Red መምረጥ ነው። በኢሜጅማጂክ በትዕዛዝ ለሚሠራ ሰው፦

```
magick 0427.jpg -channel R -separate 0427_r.png
```

ማኅተሙ ወደ ቀላል ግራጫ ሄደ። ከሥሩ ያለው ድምር ወጣ። እዚህ ላይ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

0431 እና 0436፦ ተመሳሳዩን ነገር ሞከርኩ። ማኅተሙ ሳሳ፤ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ግን ራሱ የፈዘዘ ስለሆነ አብሮ ሳሳ። ከማኅተሙ በላይ፣ ከቫት በፊት ያለው መስመር ላይ፣ ከአንድ አሃዝ በቀር ሁሉም ይነበባል። 0431 ላይ 3 ብሎ ይጀምራል፤ ቀጥሎ ወይ 3 ወይ 8 ነው፤ ከዚያ 600። 0436 ላይ 2፣ ቀጥሎ ወይ 3 ወይ 8፣ ከዚያ 850። ሁለቱንም የጻፈችው አንዷ ካሸር ናት። የ3ቱን ሁለት ሆድ በጣም ጠምዝዛ ትዘጋዋለች። ቢጫው ቅጂ ላይ ቀለሙ ሲነካካ ክፍት የሆነው የግራ ጎኑ ይሞላል። በማጉያ መነጽር አይቼም መወሰን አልቻልኩም።

0440፦ በጥቃቅን ወጪ የተገዛ ሙጫና ብሎን ነው። ደረሰኙ ላይ ከቁጥሩና ከቀኑ በቀር ነጭ ነው፤ አታችመንቱም እኛ ጋ የለም። የጥቃቅን ወጪ ማዘዣው 9,000 ብር ይላል። ለ1.15 ሳካፍለው 7,826.09 ሆነ። እንዲህ ዓይነት ሳንቲም ሲወጣ እጠረጥራለሁ። ይህ አቅራቢ ዋጋውን በሙሉ ብር ነው የሚጽፈው። 9,000ው ገዢው የወሰደው ገንዘብ እንጂ ደረሰኙ ላይ ያለው ላይሆን ይችላል።

0431 እና 0436ን ከዋጋ አንፃር ለማውጣትም አስቤ ነበር። የስንት ሉህ ኤምዲኤፍ እንደገባ ከዕቃ ማስገቢያው ይታወቃል። ግን ሐምሌ 2016 መጨረሻ ላይ የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የቦርድ ዋጋ ከሳምንት ሳምንት አንድ አይደለም። ያለፈውን ደረሰኝ ዋጋ ወስዶ ማባዛት አያዋጣም።

ከሰዓት በኋላ ለአቅራቢው የሽያጭ ሠራተኛ በቴሌግራም የመጀመሪያውን ማስታወሻ ላክሁ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የመስከረም ደረሰኞች አንዳንዶቹ አይነበቡም። እባክዎ ግልጽ ኮፒ ይላኩልን። እናመሰግናለን።»

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

መልስ መጣ። 11 ፎቶ። ሁሉንም ደረሰኝ ፓዱ ላይ እንዳለ ከላይ ቆማ አንስታ ልካለች። ልጅቷ የቻለችውን አድርጋለች፤ የትኛው እንደማይነበብ አልነገርኳትም። ፎቶዎቹ ላይ የእጇ ጥላ አለ። ቴሌግራም ደግሞ ፎቶ ሲላክ ይጨምቃል። ሳጎላው 3ቱና 8ቱ አራት ማዕዘን ነጠብጣብ ሆኑ። በፋይል ቢላክ ጥራቱ እንደነበረ ይመጣ ነበር። ይህንንም አልነገርኳትም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

በባንክ በኩል ልሞክር አልኩ። 0431 እና 0436 የተከፈሉት መስከረም 23 በአንድ ላይ ነው። የባንክ መግለጫው ላይ የወጣው 70,568.50 ብር ነው።

እኛ ስንከፍል ከቫት በፊት ካለው ዋጋ ላይ ለመንግሥት የሚገባ 2 በመቶ ዊዝሆልዲንግ ቀንሰን እናስቀር ነበር፤ በጊዜው በነበረው ሕግ ለዕቃ ግዢ ከ10,000 ብር በላይ ሲሆን ነበር። ስለዚህ ለአቅራቢው የሚደርሰው የዋጋው 115 በመቶ ሲቀነስ 2፣ ማለትም 113 በመቶ ነው። የባንኩን ቁጥር C2 ላይ አድርጌ፦

```
=C2/1.13
```

62,450 ወጣ፤ ያለ ምንም ሳንቲም። የሁለቱ ደረሰኞች ድምር ከቫት በፊት ይህ ነው ማለት ነው። 0431ን 38,600፣ 0436ን 23,850 ሳደርገው ድምሩ 62,450 ሆነ። ገጠመ። ደስ ብሎኝ ሁለተኛውን ማስታወሻ ጻፍኩ፦

«ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ደረሰኝ 0431 ላይ 38,600፣ 0436 ላይ 23,850 ብለን ይዘናል። ትክክል መሆኑን ያረጋግጡልን።»

በአራት ደቂቃ ውስጥ መልስ መጣ፦ «አዎ ትክክል ነው»። ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ መዘገብኩት። 0431ን ለአንድ የኩሽና ካቢኔት ሥራ፣ 0436ን ለአንድ የቢሮ መደርደሪያ ሥራ አስከፈልኩት፤ ዕቃው የሄደው እንደዚያ ነው።

ማታ እቤት ስገባ ግን አራት ደቂቃው አሳሰበኝ። ፓድ አውጥቶ፣ ሁለት ቁጥር ፈልጎ፣ አይቶ ለመመለስ አራት ደቂቃ ያንሳል። ሱቁ ደግሞ በዚያ ሰዓት ሰው የሚበዛበት ነው። ተመልሼ ሌላውን አማራጭ ደመርኩት። 33,600 ሲደመር 28,850 ስንት ነው? እሱም 62,450 ነው።

አንዱ 5,000 ሲቀንስ ሌላው 5,000 ይጨምራል። ቫቱም በድምር 9,367.50፣ ዊዝሆልዲንጉም 1,249 ሆኖ ይቀራል። ባንኩ ለሁለቱም ግምት እኩል ይመሰክራል። የዊዝሆልዲንግ ደረሰኙንም ለሁለቱ በአንድ ላይ ስለቆረጥነው እሱም አይለያቸውም። እኔ መጀመሪያ ያሰብኩት ጥንድ ሲገጥምልኝ ሌላውን ሳልሞክር ቆምኩ። ስህተቱ የኔ ነው።

ልጅቷንም ጥፋተኛ አላደርጋትም። ቁጥሩን እኔው ጽፌ «ትክክል ነው?» አልኳት። የሚቀለው መልስ «አዎ» ነው። ኦዲተሮች ለደንበኛ የማረጋገጫ ደብዳቤ ሲጽፉ አንዳንዴ የገንዘቡን ቦታ ባዶ ትተው «መዝገባችሁ ላይ ያለውን ሙሉ» የሚሉት ለዚህ ነው። ባዶ ቦታ ያለው ጥያቄ የተጠየቀውን ሰው መዝገብ ያስከፍተዋል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ጋሼ፣ የድርጅቱ ባለቤት፣ «ድምሩ ከገጠመ ምን ያስጨንቅሃል?» አለኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሁለት ነገር ነገርኩት።

አንደኛ፣ የግዢ ዝርዝር የሚቀርበው በየደረሰኙ ነው። ሻጩ የዚያን ደረሰኝ ሽያጭ 33,600 ብሎ ካሳወቀና እኛ 38,600 ብለን ቫት ከጠየቅንበት፣ ያ ደረሰኝ ላይ የ750 ብር ቫት ልዩነት ይመጣል። ሌላኛው ደረሰኝ ላይ በተቃራኒው መቀነሱ ራሱን የቻለ ሌላ ልዩነት ነው እንጂ የመጀመሪያውን አያጠፋውም። ሲጠየቁ ማሳየት የሚቻለው ደግሞ የማይነበብ ወረቀት ነው።

ሁለተኛው ጋሼን ይበልጥ ነካው። የኩሽና ካቢኔቱ ዕቃ 5,000 ብር በዝቶ ወይም አንሶ ተይዞ ሊሆን ይችላል። እሱ ደግሞ በዚያው ሳምንት ለሌላ ደንበኛ ተመሳሳይ ካቢኔት ዋጋ ሊሰጥ ነበር። ዋጋውን እስክነግረው እንዲቆይ ተስማማን።

ሦስተኛውን ማስታወሻ ጻፍኩ። በዚህኛው ላይ ግማሽ ሰዓት አጠፋሁ። አጭር እንዲሆን ፈለግሁ፤ ግን ተቀባዩ ተመልሶ እንዳይጠይቀኝ። ለሽያጭ ሠራተኛዋ ሳይሆን ለሒሳብ ሠራተኛዋ አደረግሁት፤ ፓዱና የማሽኑ መዝገብ ያለው እሷ ጋ ነው።

«ለሒሳብ ክፍል

ጉዳዩ፦ የአምስት ደረሰኞች ግልጽ ቅጂ ስለመጠየቅ

በመስከረም 2017 ከገዛናቸው ዕቃዎች ውስጥ የሚከተሉት ደረሰኞች እኛ ጋ ያለው ቅጂ ላይ የገንዘብ መጠናቸው አይነበብም፦

0418፣ መስከረም 9 (ማሽኑ ላይ 19/09/2024)፦ ከቫት በፊት ያለው እና ቫቱ
0427፣ መስከረም 14 (24/09/2024)፦ ቫቱ እና ጠቅላላው
0431፣ መስከረም 20 (30/09/2024)፦ ከቫት በፊት ያለው፣ ቫቱ እና ጠቅላላው
0436፣ መስከረም 22 (02/10/2024)፦ ከቫት በፊት ያለው፣ ቫቱ እና ጠቅላላው
0440፣ መስከረም 27 (07/10/2024)፦ ሁሉም

እናንተ ጋ ካለው ቅጂ ወይም ከማሽኑ መዝገብ ኮፒ ተደርጎ፣ ከቀሪው ጋር መመሳከሩ ተጽፎበትና ማኅተም ተደርጎበት እንዲሰጠን እንጠይቃለን። ማኅተሙ ቁጥሮቹ ላይ እንዳያርፍ እባክዎ። አዲስ ደረሰኝ እንዲቆረጥልን አንጠይቅም። በቴሌግራም ከሆነ በፎቶ ሳይሆን በፋይል ይላክልን። የቫት ማሳወቂያ ስላለብን እስከ ጥቅምት 20 ቢደርሰን። ካስፈለገ መጥቼ እወስዳለሁ።»

0418 እና 0427ን አውጥቻቸው ሳለ ለምን ጠየቅሁ? እኔ ኮምፒውተር ላይ ማንበቤና ወረቀቱን የያዘ ሰው ማንበቡ ይለያያል። ፋይሉ ውስጥ ያለው ወረቀት ነጭ ከሆነ የኔ ስሌት ማስረጃ አይሆንም። በነጣው ደረሰኝ ላይ በእስክሪብቶ ደርቦ መጻፍማ ጨርሶ አይሞከርም፤ ደረሰኙ የተነካካ ይመስላል።

ሁለቱንም ቀን የጻፍኩት አታችመንቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ማሽኑ በፈረንጅ ስለሚያትም ነው። የማሽኑን መዝገብ የሚፈልግ ሰው በፈረንጁ ቀን ነው የሚያገኘው።

ግምቴን ግን የትም ቦታ አልጻፍኩም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

የሒሳብ ሠራተኛዋ ደወለች። መጀመሪያ የገባት አምስቱንም እንደገና እንድትቆርጥልን ነበር። «ሁለት ጊዜ ሽያጭ ይሆንብኛል፤ ቫቱን ሁለቴ ልከፍል ነው» አለች። ልክ ናት። ማሽኑ ላይ እንደገና ከተመታ አዲስ ሽያጭ ሆኖ ይመዘገባል። ለኛም ለአንድ ዕቃ ሁለት የደረሰኝ ቁጥር ይኖረናል። ማስታወሻው ላይ «አዲስ ደረሰኝ አንጠይቅም» የሚለውን አብረን አነበብነው፤ ተረጋጋች። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ባልጽፋት ኖሮ ምናልባት ዝም ትለን ነበር። ዝምታውን እምቢታ አድርጌ እወስደው ነበር።

ለ0418፣ 0427 እና 0440 ከማሽኑ ውስጥ ከሚቀረው መዝገብ አውጥታ እንደምታትም ነገረችኝ። ሌሎቹ ሁለቱን ለማየት ፓዱን መፈለግ አለባት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

መርካቶ ሄድኩ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደረስኩ፤ ሱቁ ገና አልተጨናነቀም። የኛን ቢጫ ወረቀቶች ይዤ ነበር።

ፓዱን ከፈተችው። 0431 ላይ ስንደርስ ሁለታችንም ዝም አልን። ፓዱ ውስጥ የቀረው ነጩ ነው፤ በእስክሪብቶ በቀጥታ የተጻፈበት ዋናው ቅጂ። ለገዢ መሰጠት ያለበት እሱ ነበር። ካሸሯ ስትቀድ ነጩን ትታ ከሥሩ ያለውን ቢጫ ቀድዳ ለገዢያችን ሰጥታዋለች። 0436ም እንደዚያው። ገዢያችንም አላየም፤ እኔም ቢጫ መሆኑን አይቼ ለምን ብዬ አልጠየቅሁም።

ነጩ ላይ ቁጥሩ ጥርት ብሎ ይነበባል። 0431፦ 33,600። ቫት 5,040። ጠቅላላ 38,640። 0436፦ 28,850። ቫት 4,327.50። ጠቅላላ 33,177.50። ቢጫውን ከነጩ ጎን አስቀምጬ አየሁት። 0431 ላይ ሁለተኛው 3 በስተግራ ክፍት ነው፤ እስክሪብቶው ሁለት ቦታ ላይ ተጭኖ አልፏል። ቢጫው ላይ እነዚያ ሁለት ጫናዎች ናቸው ተስፋፍተው 8 ያስመሰሉት። 0436 ላይ ግን በእውነትም 8 ነው። እኔ ሁለቱንም ገልብጬ ነበር የመዘገብኳቸው።

ቢጫዎቹን መልሼ ነጮቹን ወሰድኩ። እሷም ቢጫዎቹን ፓዱ ውስጥ ስቴፕል አደረገቻቸው። ከመውጣቴ በፊት ነጮቹ ላይ የደረሰኝ ቁጥሩን፣ የኛን ቲን ቁጥርና ቀኑን ከዕቃ ማስገቢያው ጋር አመሳከርኩ። ቫቱ የዋጋው 15 በመቶ መሆኑንም በስልኬ መታሁ። ሁሉም ገጠመ።

የሦስቱን የማሽን ቅጂዎችም ሰጠችኝ። 0418 እና 0427 እንዳሰላሁት ሆኑ። 0440 ግን 7,800 ብር፣ ቫት 1,170፣ ጠቅላላ 8,970 ነው። 30 ብሩ የታክሲ እንደሆነ ገዢው ኋላ ነገረኝ። ማዘዣው ላይ ግን ሁሉም በአንድ ላይ 9,000 ተብሎ ተጽፏል።

የማሽኑ ቅጂዎች ራሳቸው ተርማል ወረቀት ናቸው። እዚያው አጠገብ ካለ ፎቶኮፒ ቤት ገብቼ ሦስቱንም ተራ ወረቀት ላይ አስገለበጥኩ፤ ተመልሼ እሷ ጋ አስፈረምኩ፣ አስመታሁ። ማኅተሙን ባዶው ጥግ ላይ ነው ያደረገችው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ምዝገባውን አስተካከልኩ። ፒችትሪ ላይ 0431ን ወደ 33,600፣ 0436ን ወደ 28,850 ቀየርኩ። የኩሽና ካቢኔቱ ወጪ 5,000 ወረደ፤ የመደርደሪያው 5,000 ወጣ። የአቅራቢው ቀሪ ሒሳብ አልተነካም። 0440ን በ8,970 አስገብቼ 30 ብሩን ወደ ትራንስፖርት ወጪ ለየሁ።

ጋሼ የካቢኔቱን ዋጋ እንደገና ሠራው። የመደርደሪያው ሥራ ካሰበው ያነሰ እንዳተረፈም ያን ቀን አወቀ። ለደንበኛው አስቀድሞ ጨርሶ ስለነበር እሱ ላይ የሚደረግ ነገር የለም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

የመስከረም ቫት ማሳወቂያ ገባ። አምስት ቀን ቀድሞ ነው።

ወጪው፦ የመርካቶ ደርሶ መልስ ታክሲ፣ ጥቂት ፎቶኮፒ፣ የኔ ግማሽ ቀን፣ ከዚያ በፊት በግምት የጠፋ አንድ ቀን። ሦስተኛውን ማስታወሻ ጥቅምት 6 ላይ ጽፌው ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ በሳምንት ውስጥ ያልቅ ነበር።

ከገዢያችን ጋር ተቀምጠን የሚቀየሩትን ተነጋገርን። የፕላስቲክ ኪሱን ወስጄ ወፍራም የወረቀት ኤንቨሎፕ ሰጠሁት። ሱቁ ላይ ሳለ ሦስት ነገር እንዲያይ ነገርኩት፦ ወረቀቱ ነጩ መሆኑን፣ ድምሩ መነበቡን፣ ማኅተሙ ቁጥር ላይ አለማረፉን። ካሸሯ ማኅተሙን ስታነሳ «እህቴ፣ ከላይ በባዶው በኩል አድርጊልኝ» ብሎ እንዲጠይቃት። ተርማሉ ቢሮ በገባ ቀን ኮፒ ይደረጋል፤ ኮፒው ከዋናው ጋር አብሮ ይታሰራል። ድምር ላይ ሃይላይተር አይነካም፤ ምልክት ካስፈለገ ጠርዙ ላይ በእርሳስ።

ዛሬ የጥቅምትን የመጀመሪያ ደረሰኞች አመጣ። ስድስት ናቸው። አንዱ ቢጫ ነበር። ሳልነግረው ራሱ ለይቶ አወጣውና «ይሄን ነገ እቀይረዋለሁ» አለኝ።

ሦስተኛውን ማስታወሻ ቁጥሮቹንና ቀኖቹን አውጥቼ ባዶ ቅጽ አድርጌ ኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጫለሁ። የገንዘቡ ቦታ እንደነበረው ባዶ ነው።